በመዳፍ ወድቆ ራጁ «ንጹህ» ለወጣለት ሰው፦ የስካፎይድ ስብራት እንዳያመልጥ ምን ይደረግ?

ሰው ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል። መዳፉ መሬት ይመታል፣ የእጅ አንጓው ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ የሰውነቱ ክብደት እዚያ ላይ ያርፋል። ሐዋሳ ላይ ሳይክሉም፣ ሞተሩም፣ የሰፈር ኳሱም ስለማይጠፋ እኔ በምሠራበት የአጥንት ክፍል እንዲህ ወድቆ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። አብዛኛው ወጣት ወንድ ነው። አብዛኛውም የሚለው አንድ ዓይነት ነው፦ «ራጅ ተነስቻለሁ፣ ምንም የለውም ብለውኛል፣ ግን ሕመሙ አልተወኝም።»

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚያ ሰውና ለቤተሰቡ ነው። ከወደቀበት ሰዓት አንስቶ እስከ ሁለተኛው ራጅ ድረስ ያሉት ሁለት ሳምንታት በጣም ወሳኝ ናቸው። በእነዚህ ቀናት ምን መደረግ እንዳለበት፣ ለምን እንደሚደረግም ደረጃ በደረጃ አስረዳለሁ።

መጀመሪያ አጥንቱን እወቁት

የእጅ አንጓ ውስጥ ስምንት ትንንሽ አጥንቶች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ በብዛት የሚሰበረው በአውራ ጣት በኩል ያለው ስካፎይድ ነው። ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ቢሆን ነው። መሃሉ ቀጠን ስለሚል ሐኪሞች «ወገቡ» ይሉታል። ከሦስት ስብራቶች ሁለቱ ያህል የሚደርሱትም ወገቡ ላይ ነው። ከወገቡ ወዲያ ወደ ጣት የሚያይ ጫፍ አለው፣ ከወገቡ ወዲህ ደግሞ ወደ ክንድ የሚያይ ጫፍ።

ችግሩ ያለው ደሙ ላይ ነው። ስካፎይድ ከላዩ አብዛኛው ክፍል በልም አጥንት የተሸፈነ ነው። ደም ሥር በልም አጥንት ውስጥ አልፎ አይገባም። ስለዚህ ደም የሚገባባቸው በሮች ጥቂት ናቸው፣ እነሱም ያሉት በወገቡ አካባቢና በጣት በኩል ባለው ጫፍ ነው። ጌልበርማንና ሜነን የተባሉ ሐኪሞች በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ ከአጥንቱ ከ70 እስከ 80 በመቶው ደም የሚያገኘው በእጅ ጀርባ በኩል ወገቡ አካባቢ ከሚገባ ቅርንጫፍ ነው። በክንድ በኩል ያለው ጫፍ የራሱ በር የለውም ማለት ይቻላል። ደሙ ከወገቡ ገብቶ ወደ ኋላ፣ ወደ ክንድ አቅጣጫ ተመልሶ ነው የሚደርሰው።

የውሃ መስመር አስቡ። ዋናው ቱቦ የሚገባው በሰፈሩ መሃል ሲሆን፣ ዳር ላይ ያለው የመጨረሻ ቤት ሌላ መስመር የለውም። መሃሉ ላይ ቱቦው ሲቆረጥ ያ ቤት ይደርቃል። ወገቡ ወይም ከወገቡ ወዲህ ያለው ክፍል ሲሰበርም በክንድ በኩል ያለው ቁራጭ ደም ሊያጣ ይችላል። ደም ያጣ አጥንት ቶሎ አይገጥምም፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይሞታል። ስብራቱ ወደ ክንድ በቀረበ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። በጣት በኩል ያለው ጫፍ ሲሰበር ግን ደሙ ቅርብ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ብዙ ጣጣ ይገጥማል።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሌላ አጥንት ትንሽ ቢዘነጋም ብዙ ጊዜ ራሱን ያድናል። ስካፎይድ ግን እንቅስቃሴው ካላቆመለት የተቆረጠውን ደም መልሶ ለማገናኘት ዕድል አያገኝም።

ደረጃ 1፦ በወደቁበት ቀን

ሰዓትና ቀለበት ወዲያው አውልቁ። እብጠቱ ከመጣ በኋላ ቀለበት ማውጣት ፈተና ነው። እጁን ከልብ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። በረዶ ካለ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ለ15 ደቂቃ ያህል አሳርፉበት። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል።

ከዚያ ጣቶቹን ተመልከቱ። አንጓው ቅርጹ ከተበላሸ፣ ቁስል ካለና አጥንት ከታየ፣ ወይም አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሃል ጣት ከደነዘዙ ነገ የሚባል ነገር የለም፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። እነዚህ ጣቶች ሲደነዝዙ የአንጓው አጥንቶች ከቦታቸው ወጥተው ነርቭ እየተጫኑ ሊሆን ይችላል። ይህ በሰዓታት ውስጥ መታከም ያለበት ነው።

እነዚህ ከሌሉ ደግሞ ወደ ቀጣዩ ደረጃ እለፉ።

ደረጃ 2፦ ሦስቱን ቦታዎች ፈትሹ

ምርመራውን የሚያደርገው ባለሙያ ነው። ቢሆንም የት እንደሚያም በትክክል ማመልከት የምትችሉት እናንተ ናችሁ። «እጄን ያመኛል» ከማለት «እዚህች ጋ ነው» ማለት በጣም ይለያል።

አንደኛ፣ አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ፣ ሰው ሊፍት ሲለምን እንደሚያደርገው። ከአውራ ጣቱ ሥር፣ በአንጓው ጎን ላይ፣ ሁለት ጅማቶች ገትረው ይወጣሉ። በመካከላቸው ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ትፈጠራለች። የሌላኛውን እጅ ጠቋሚ ጣት ጫፍ እዚያ ላይ በስሱ አሳርፉ። ትንሽ ከቆያችሁ የደም ምት ይሰማችኋል፤ ያ ምት ለስካፎይድ ቅርንጫፍ የሚሰጠው ደም ሥር ነው። አሁን ጣታችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ተጫኑ። ከጣታችሁ ሥር ያለው አጥንት ስካፎይድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ይህ ቦታ ጤነኛ እጅ ላይም ሲጫኑት ትንሽ ይቆረቁራል፣ በአጠገቡ ነርቭ ስለሚያልፍ። ስለዚህ ሁልጊዜ ከጤነኛው እጅ ጀምሩ። በዚያው ጉልበት የታመመውን ተጫኑ። ልዩነቱ ነው የሚፈለገው።

ሁለተኛ፣ መዳፋችሁን ወደ ላይ ገልብጡ። አንጓው ላይ ያለውን መስመር ተከትላችሁ ወደ አውራ ጣት ሥር ስትሄዱ አንዲት ጉብ ያለች አጥንት ታገኛላችሁ። አንጓውን ወደ ኋላ ሲያጥፉት ይበልጥ ጎልታ ትወጣለች። እሷም የስካፎይድ ክፍል ናት። ተጫኗት።

ሦስተኛ፣ አውራ ጣቱን ያዙና በርዝመቱ ቀጥታ ወደ አንጓው ግፉት። ሳታጣምሙት፣ ወደ ውስጥ ብቻ። ስካፎይድ ከተሰበረ ግፊቱ እዚያ ድረስ ይደርስና ያማል።

ሦስቱም ቦታ የማያም ከሆነ ስካፎይድ የመሰበሩ ዕድል በጣም ትንሽ ነው። አንዱ ብቻ እንኳ በግልጽ ካመመ ግን ራጁ ምንም ይበል ምን፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደተሰበረ ይቆጠራል። እኔ በዚህ ላይ አልደራደርም። እብጠት አለመኖሩ አያታልላችሁ። ይህ ስብራት ብዙ ጊዜ እጁን አያሳብጥም፣ አያጠቁርም፣ ቅርጹንም አያበላሽም። ጣቶች ሁሉ ይንቀሳቀሳሉ። «ቢሰበር ኖሮ መቼ ያንቀሳቅሰው ነበር» የሚለው አባባል እዚህ አይሠራም።

ደረጃ 3፦ ትክክለኛውን ራጅ ጠይቁ

ስካፎይድ በአንጓው ውስጥ ቀጥ ብሎ አልተቀመጠም። ወደ መዳፍ አዘንብሎ ነው ያለው፣ 45 ዲግሪ ያህል። እጁ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ከላይ ብቻ ሲነሳ አጥንቱ ወደ ራሱ ታጥፎ አጭር ሆኖ ይታያል። ወገቡም ይደበቃል። ከጎን ሲነሳ ደግሞ ሌሎቹ አጥንቶች ይደራረቡበታል። በእነዚህ ሁለት ፎቶዎች ብቻ ቀጭን ስንጥቅ ማየት ከባድ ነው።

ስለዚህ ለሐኪሙ ወይም ለራጅ ባለሙያው «የስካፎይድ ራጅ» በሏቸው። አብዛኞቹ ያውቁታል። ከተለመዱት ሁለት ፎቶዎች በተጨማሪ አንጓው ወደ ትንሿ ጣት አቅጣጫ ታጥፎ የሚነሳ አንድ፣ እጁ በግማሽ ዞሮ የሚነሳ ሌላ አንድ ፎቶ አለ። አንጓው ወደ ትንሿ ጣት ሲታጠፍ ስካፎይድ ይዘረጋል፣ ወገቡም ይገለጣል። በማዘዣው ላይ «በአውራ ጣት ሥር ሕመም፣ ስካፎይድ የተጠረጠረ» ተብሎ ቢጻፍ ፊልሙን የሚያነበው ሰውም ዓይኑን እዚያ ላይ ያሳርፋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የመጀመሪያው ራጅ ሊያመልጠው ይችላል። ከስካፎይድ ስብራቶች እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት በመጀመሪያው ቀን ፊልም ላይ አይታዩም ይባላል። ይህ ሁልጊዜ የሐኪም ስህተት አይደለም። ስንጥቁ ከፀጉር የቀጠነ ሆኖ ሁለቱ ቁራጮች ገጥመው ከተቀመጡ ጨረሩ የሚያልፍበት ክፍተት የለም። ክፍተቱ የሚፈጠረው ቆይቶ ነው። ሰውነት የተሰበረውን ጫፍ ማጽዳት ሲጀምር ጫፉ ላይ ያለው አጥንት ይመጠጥና መስመሩ ይሰፋል። ለዚህም ከ10 እስከ 14 ቀን ያስፈልጋል። ሁለተኛው ራጅ ለምን ያኔ እንደሚነሳ አሁን ግልጽ ነው።

ደረጃ 4፦ በሁለቱ ራጆች መካከል እጁን እሰሩ

ይህ ደረጃ ነው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው። ሰውየው ራጁ ንጹህ ነው ይባላል፣ መርፌ ይወጋል፣ ፋሻ ይጠቀለልለታል፣ ይሄዳል። ፋሻ ግን አንጓን አያቆምም።

ማድረግ የሚገባው፣ ከክርን በታች የሚጀምር ግማሽ ጄሶ ወይም ጠንካራ የአንጓ መደገፊያ ማሰር ነው። አንጓው ቀጥ ወይም በጣም ትንሽ ወደ ኋላ ያለ ሆኖ ይታሰራል። ክርን ነጻ ነው። ከመዳፉ በኩል ጄሶው የሚያበቃው ከጣቶቹ ሥር ካለው መስመር በታች መሆን አለበት፣ አራቱ ጣቶች ሙሉ በሙሉ መጨበጥ እንዲችሉ። ጄሶው ተጠናቆ ከመውጣታችሁ በፊት ጨብጡና ዘርጉ። ካልቻላችሁ ሳትወጡ ተናገሩ።

አውራ ጣት በጄሶው ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ? ባለሙያዎች እዚህ ላይ ይለያያሉ። በወገቡ ላይ ላልተንሸራተተ ስብራት ሁለቱን ያነጻጸሩ ጥናቶች በአገጣጠሙ ላይ ልዩነት አላገኙም። ሐኪማችሁ በለመደው ይሥራ። በዚህ ምክንያት ቦታ አትቀያይሩ።

ጄሶ የታሰረበት ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እጁን ከፍ አድርጎ መያዝ አለበት። ጣቶቹ ሰማያዊ ከሆኑ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ሌሊትም ቢሆን ተመልሶ ይምጣና ጄሶው ይከፈት። «ነገ ጠዋት እንሄዳለን» አይባልም።

እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ከሚታሰሩት መካከል አብዛኞቹ በኋላ ስብራት አይገኝባቸውም። በእጁ ለሚያድር ሰው ሁለት ሳምንት ቀላል አይደለም፣ አውቃለሁ። ያም ሆኖ የሚታሰረው በሌላው ወገን ያለው ኪሳራ ስለሚከብድ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የተገኘና የታሰረ ስብራት ብዙውን ጊዜ በጄሶ ብቻ ይድናል። ሳይታሰር ከአራት ሳምንት በላይ የቆየ ግን ያለመግጠም ዕድሉ በግልጽ ይጨምራል።

ስለ ወጌሻ

ይህን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ቤተሰብ «ወለምታ ነው» ብሎ ከወሰነ ቀጣዩ መንገድ ወጌሻ ቤት ነው። ወጌሻዎቻችን በሰፈራቸው የሚከበሩ ሰዎች ናቸው፣ ሰዉም በበጎ ነው የሚሄደው። ግን ስካፎይድ በመዳፍ የማይዳሰስ፣ በዓይን የማይታይ ስብራት ነው። ማሸት ደግሞ የሚያደርገው የዚህን አጥንት ፍላጎት ተቃራኒ ነው። አጥንቱ ጸጥታ ይፈልጋል፣ ማሸት እንቅስቃሴ ይሰጠዋል። በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቆ ማሰሩም እጅን ደም እስከማሳጣት የሚያደርስ ጉዳት አለው። ከአውራ ጣት ሥር የሚያም ሰው ቢያንስ ሁለተኛው ራጅ እስኪነሳ ድረስ አይታሽ።

አንድ ታካሚ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

የ23 ዓመት የባጃጅ ሹፌር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ ሲጫወት ተጠለፈና በቀኝ መዳፉ ወደቀ። ጨዋታውን ጨረሰ። ማታ መጠነኛ ሕመም ነበረው። ሰኞ ጠዋት ግን ሥራ ሊጀምር ሲል የባጃጁን ጋዝ በቀኝ እጁ ጠምዝዞ መስጠት አቃተው። አንድ ክሊኒክ ሄደ። ከላይና ከጎን ሁለት ፎቶ ተነሳ፣ «ንጹህ ነው» ተባለ፣ የሕመም መርፌና ፋሻ ተሰጠው።

ረቡዕ ወደ እኛ የመጣው ከእናቱ ጋር ነው። እናቱ ፊልሙን በቢጫ ፖስታ ይዘዋል። «ዶክተር፣ ራጁ ምንም የለውም ተብሏል። እኔ ወደ ወጌሻ ልወስደው ነበር፣ እሱ ነው እምቢ ያለኝ» አሉኝ።

እጁ አላበጠም። ጣቶቹ ሁሉ ይሠራሉ። ጤነኛውን ግራ እጁን ተጫንኩ፣ ምንም አላለም። በቀኙ ጎድጓዳው ላይ ስጫን ግን ክንዱን ነጠቀኝ። በመዳፍ በኩል ያለችው ጉብታም ታመዋለች። አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ ስገፋው ፊቱን አኮሳተረ። ሦስቱም አዎንታዊ ናቸው። ፊልሙን አየሁት። የስካፎይድ ፎቶ የለውም፣ በያዘው በኩል ግን እኔም ስብራት አላየሁበትም።

«እናቴ፣ ራጁ ውሸት አልተናገረም፣ ግን ጨርሶ አልተናገረም። ይህን ስብራት ከ10 ቀን በኋላ ነው በደንብ የሚያሳየን። እስከዚያ እጁን እናስረዋለን» አልኳቸው።

«ካልተሰበረስ?»

«ያኔ እንፈታዋለን። ሁለት ሳምንት ከሰረ ማለት ነው።»

ልጁ ዝም ብሎ ሲያሰላ ቆየና «ወንድሜ ይነዳዋል» አለ። ግማሽ ጄሶ ታሰረለት።

ከወደቀ በ12ኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ተመለሰ። ጄሶው ተፈትቶ አንጓው ወደ ትንሿ ጣት ታጥፎ ፎቶ ተነሳ። ወገቡ ላይ አግድም የሄደች ጥቁር መስመር ትታያለች። ሁለቱ ቁራጮች አልተንሸራተቱም፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም 1 ሚሊሜትር አይሞላም። ወገብ ላይ ያለ፣ ያልተንሸራተተ ስብራት። ሙሉ ጄሶ ከክርን በታች ታሰረና ከወደቀበት ቀን ጀምሮ የስምንት ሳምንት ቀጠሮ ተያዘለት።

በስምንተኛው ሳምንት ጄሶው ሲፈታ ጎድጓዳው ላይ ስጫን አሁንም ትንሽ አመመው። ራጁ ላይ መስመሩ ደብዝዟል ግን አልጠፋም። በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ አለ። ሲቲ ስካን ማንሳት ወይም ጄሶውን ማራዘም። ራጅ ስለመግጠም የሚናገረው አያስተማምንም። ሲቲ ግን በመስመሩ ላይ የተሻገረውን አጥንት በግልጽ ያሳያል። ቤተሰቡ ለሲቲ የሚከፈለውን ጊዜ ወስዶ ማሰባሰብ ስለነበረበት ጄሶው እንደገና ታሰረ፣ ሲቲው በ10ኛው ሳምንት ተነሳ። ከመስመሩ ከግማሽ በላይ በአጥንት ተሻግሯል። ጄሶው ወጣ። አንጓው ደርቆ ስለነበር በየቀኑ ቀስ እያለ ማንቀሳቀስ ጀመረ። ወደ ጋዙ የተመለሰው ከዚያ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ነው። ኳስ ግን ጉልበቱ ተመልሶ መዳፉን መሬት ላይ ደግፎ መግፋት ሳያመው እስኪችል ድረስ እንዲቆይ ነገርኩት።

ደረጃ 5፦ ሁለተኛው ራጅም ንጹህ ቢሆንስ?

ከ10 እስከ 14 ባለው ቀን ጄሶው ይፈታል፣ ሦስቱ ቦታዎች እንደገና ይፈተሻሉ፣ ራጅ ይነሳል። ሕመሙ ጠፍቶ ራጁም ንጹህ ከሆነ ጉዳዩ አለቀ።

ራጁ ንጹህ ሆኖ ሕመሙ ካለ ግን አትለቁት። ከሁሉም የሚሻለው ኤምአርአይ ነው። በአጥንቱ ውስጥ ያለውን ጉዳት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭምር ያያል። አቅም ያለው ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ቢያነሳው ሁለት ሳምንት በከንቱ ከመታሰር ሊያድነው ይችላል። ሲቲ ስካንም ይረዳል፣ በስስ ቁራጭ በስካፎይዱ ርዝመት አቅጣጫ ከተነሳ። ግን በጣም ቀጭኗን ስንጥቅ ሲቲም ሊያልፋት ይችላል። ሁለቱም የማይገኙ ከሆነ ጄሶው ተመልሶ ይታሰርና ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ይታያል። ሕመሙ ከሌላ ቦታም ሊሆን ይችላል፣ ለምሳሌ ስካፎይድን ከጎረቤቱ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ሲበጠስ። ያም ቢሆን የአጥንት ሐኪም ጉዳይ ነው።

በጄሶ ብቻ የማይታለፈው መቼ ነው?

ሐኪማችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ። «ስብራቱ የት ነው?» እና «ተንሸራቷል ወይ?» መልሱን ተረድታችሁ ውጡ።

በክንድ በኩል ያለው ጫፍ ከተሰበረ፣ ደሙ ከሁሉም የራቀበት ቦታ ስለሆነ፣ ብዙ ሐኪሞች ከመጀመሪያው በብሎን ማያያዝን ይመርጣሉ። በጄሶ ከሆነ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። ቁራጮቹ በግልጽ ከተንሸራተቱ ወይም አጥንቱ ወገቡ ላይ ታጥፎ ከጎበጠ እንዲሁ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ብሎኑ ራስ የሌለው ነው፣ ሙሉ በሙሉ አጥንቱ ውስጥ ይሰምጣል፣ ሁለቱን ቁራጮች እያቀራረበ ይይዛል።

ወገቡ ላይ ሆኖ ያልተንሸራተተ ወይም በጥቂቱ የተንሸራተተ ከሆነ ግን በጄሶ መጀመር ትክክል ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ የእንግሊዝ ጥናት እስከ 2 ሚሊሜትር ለተንሸራተቱ የወገብ ስብራቶች በጄሶ ጀምሮ፣ ያልገጠመውን ቶሎ ለይቶ ወዲያው በቀዶ ሕክምና ማስተካከል በቂ መሆኑን አሳይቷል። «ቶሎ ለይቶ» የሚለው እዚያ ውስጥ ያለ ሁኔታ ነው። በቀጠሮው የማይመለስ ሰው ይህን ጥቅም አያገኝም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ያቁም። ማጨስ የዚህን አጥንት መግጠም ይጎዳል፣ በቀዶ ሕክምና የተሠራውንም ጭምር።

ወራት ካለፉ በኋላ ለሚመጣ ሰው

ከወደቀ ስድስት ወር አልፎት ያልገጠመ ስብራት ብዙ ጊዜ ራሱ አይገጥምም። የሚያስቸግረው፣ ይህ ሰው ሁልጊዜ አለመታመሙ ነው። ሕመሙ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ ይለዝባል። ሰውየው «ድኛለሁ» ይላል። ከወራት በኋላ ከባድ ሥራ ሲሠራ አንጓው ውስጥ ጥልቅ ሕመም ይጀምረዋል። ከወንበር ሲነሳ መዳፉን መደገፍ ያቅተዋል። አንጓው ወደ ኋላ እንደ ሌላኛው አይታጠፍም። ሲጨብጥ ጉልበቱ ቀንሷል። አንድ በያጅ፣ መዶሻ ሲመታ ብቻ ነው የሚያመኝ እያለ ከአንድ ዓመት በላይ ሲሠራ ቆይቶ ነው የመጣው። ራጁ ላይ ሁለቱ ቁራጮች ጠርዛቸው ለስልሶና ደንድኖ እንደ ሁለት የተለያዩ አጥንቶች ይታዩ ነበር። በክንድ በኩል ያለው ቁራጭ ከዙሪያው ነጣ ብሎ ነበር። ይህ ደም የማጣት ምልክት ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለው ሰው ቢተው ምን ይሆናል? የተሰበረው ስካፎይድ ይጎብጣል፣ የአንጓው አጥንቶች አሰላለፍ ይዛባል፣ ልም አጥንቱ ይበላል። መጀመሪያ የሚያልቀው ከአውራ ጣት በኩል ባለው የክንድ አጥንት ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ይዛመታል። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ባሉት ዓመታት ውስጥ የመገጣጠሚያው መበላት በራጅ ላይ በግልጽ ይታያል። በ25 ዓመቱ የወደቀ ሰው በ35 ዓመቱ ያረጀ አንጓ ይኖረዋል ማለት ነው።

ገና ልም አጥንቱ ሳይበላ ከደረሰ ሕክምና አለው። የደነደነው ጠርዝ ይጸዳል፣ ከክንድ ወይም ከዳሌ አጥንት ተወስዶ በመሃል ይገባል፣ ብሎን ይይዘዋል። የክንዱ በኩል ቁራጭ ከሞተ ደም ሥሩን ይዞ የሚዛወር የአጥንት ቁራጭ ሊያስፈልግ ይችላል። ከዚህ ሁሉ በኋላም ወራት የሚወስድ ጄሶና ክትትል አለ። መገጣጠሚያው ካለቀ በኋላ ግን ስካፎይዱን ማዳን አይቻልም። የሚቀረው ሕመሙን ለመቀነስ አንዳንዶቹን አጥንቶች ማውጣት ወይም እርስ በርስ ማጣበቅ ነው፣ በዚህም የአንጓው እንቅስቃሴ በከፊል ይሄዳል።

ስለዚህ በአንድ ወቅት በመዳፋችሁ ወድቃችሁ ራጁ ንጹህ ተብላችሁ ከሆነና ዛሬም ስትደገፉ የሚያማችሁ ከሆነ፣ ጎድጓዳዋን ከጤነኛው እጅ ጋር አወዳድራችሁ ተጫኗት። ልዩነት ካለ የድሮውን ፊልም ይዛችሁ ወደ አጥንት ሐኪም ሂዱ። አዲስ የስካፎይድ ራጅ አስነሱ። ስብራት ከታየ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የክንድ በኩል ቁራጩ ደም አለው ወይ፣ አጥንቱ ጎብጧል ወይ፣ የመገጣጠሚያው ልም አጥንት ደህና ነው ወይ። የመጀመሪያውን ለማወቅ ኤምአርአይ፣ ሁለተኛውን ለማየት ሲቲ ሊታዘዝላችሁ ይችላል። ሕክምናው የሚወሰነው በእነዚህ ሦስት መልሶች ነው።